ለአዲስ ተቀጣሪዎች የ401ኬ ገለጻ፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

አስቴር (ጸሐፊ)፦ እዚህ አሜሪካ ሥራ ለሚጀምሩ ልጆቻችን ስለ 401ኬ፣ ማለትም ከደመወዝ እየተቆረጠ በአሠሪው በኩል ስለሚጠራቀመው የጡረታ ቁጠባ፣ የምናዘጋጀው ጽሑፍ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ረቂቁ ሁሉን ነካክቶ ያልፋል። ሁለት ሦስት ነገር መርጠን በደንብ ብናስረዳስ?

ዳዊት፦ የአሠሪው ድርሻ ይቅደም። ደመወዙ 40,000 ዶላር የሆነ ሰው 4 በመቶ ቢያስቆርጥና አሠሪው እስከ 4 በመቶ ድረስ እኩል የሚጨምር ቢሆን፣ በዓመት 3,200 ዶላር ይገባለታል። 2 በመቶ ብቻ ካስቆረጠ ግን የአሠሪውን 800 ዶላር በየዓመቱ እዚያው ጥሎት ይሄዳል።

ጋሽ ኃይሉ፦ ምን ማስቆረጥ ያስፈልጋል? 6.2 በመቶው በግድ ይቆረጥ የለም እንዴ? አገር ቤትም ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ነው የሚከፍሉት።

ሰላም፦ ጋሼ፣ 6.2ቱ ለመንግሥት ጡረታ ለሶሻል ሴኩሪቲ ነው፤ ሌላ ነው። የአገር ቤቱ ጡረታ ደግሞ በደመወዝና በአገልግሎት ዘመን ይሰላል። 401ኬ ላይ የሚያገኙት ያስገቡትንና እሱ ያፈራውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ የተቀመጠበት ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ አክሲዮንና ቦንድ የሚገዛበት፣ ወሳኝ ነው። የዳዊትን 3,200 ዶላር በየዓመቱ ለ30 ዓመት እናስገባ፤ በጠቅላላ 96,000 ነው። ፈንዱ የሚያስከፍለው ዓመታዊ ክፍያ ተቀንሶ በዓመት 6 በመቶ ቢያድግ 253,000 ገደማ ይሆናል። ያው ፈንድ 1 በመቶ የበለጠ ቢያስከፍልና 5 በመቶ ቢቀር 212,600 ገደማ። 40,000 ዶላር በ“1 በመቶ ብቻ” በረረ ማለት ነው! ቢል ሆኖ ቢመጣማ ማን ዝም ይል ነበር፤ ከፈንዱ ዋጋ ላይ ቀስ እያለ ስለሚቀነስ ነው የማይታወቀው። የፈንዱ ገጽ ላይ ይህን ክፍያ በመቶኛ የሚያሳየውን Expense Ratio የሚለውን መስመር እንዲያዩ ፎቶውን ጽሑፉ ላይ እንለጥፍ።

ብሩክ፦ ሥራ ሲለቁ ብሩን ይዘው መሄድ እንደሚችሉም ይጻፍ። የራሳቸው ነው።

ሰላም፦ ከደመወዛቸው የተቆረጠው፣ አዎ። አሠሪው የጨመረው ግን እንደ ዕቅዱ ነው፤ አንዳንዱ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ለሄደ ሰው ከአሠሪው ድርሻ ምንም አይሰጥም። አወሳሰዱም ይለያል። 9,000 ዶላር ያለው ሰው ቼኩን በስሙ ካስጻፈ 20 በመቶው ለታክስ ተይዞ 7,200 ይደርሰዋል። ሙሉውን ወደ ጡረታ አካውንት ለመመለስ 60 ቀን አለው፤ የተያዘውን 1,800 ግን ከኪሱ ማሟላት አለበት። ካላሟላ 1,800ው እንዳወጣው ተቆጥሮ ታክስ ይከፈልበታል፤ በወጣትነቱ ከሆነ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ቅጣትም ይታከልበታል። ከአካውንት ወደ አካውንት በቀጥታ ይዛወርልኝ ካለ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ብሩክ፦ እሺ፣ “ይዘው” የሚለውን “አዛውረው” አድርጉት።

አስቴር፦ ጥሩ ፈንድ በስሙ እንጥቀስላቸው?

ዳዊት፦ አይሆንም፤ የእያንዳንዱ አሠሪ ዝርዝር ለየብቻ ነው። የጡረታ ዓመቱ በስሙ ላይ የተጻፈው፣ ለምሳሌ 2065 የሚለው፣ ብዙ ቦታ አለ፤ መጀመሪያ ላይ አክሲዮን ይበዛዋል፣ ጡረታው ሲቀርብ ወደ ቦንድ ያዘነብላል። ክፍያው ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ሰላም፦ እኔ ቢያንስ ዓይነቱ ይጠቀስ ባይ ነኝ። ምርጫውን ዝም ብሎ ለልጁ መጣል ይከብዳል።

ጋሽ ኃይሉ፦ ጡረታውን አገር ቤት ሊያሳልፍ ያሰበስ? እሱንም ጨምሩ።

አስቴር፦ ሁለቱም ለእሑድ ስብሰባ ይደሩ።