የግል ክሊኒክ የሕክምና ወረቀት አንቀበልም ብለው ደመወዜን ቆረጡብኝ (ጅማ)

ጠያቂ፦ የመጋዘን ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ አንድ የቡና ድርጅት መጋዘን ላይ መዝጋቢ ነኝ፤ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ወገቤን አሞኝ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፣ ዲስክ ነው ተብሎ የ21 ቀን ፈቃድ ተጻፈልኝ። በማግስቱ ለኃላፊዬ በቴሌግራም ነግሬ ወረቀቱን በእህቴ ላክሁ። ስመለስ «የመንግሥት ሆስፒታል ካልሆነ አንቀበልም» አሉኝ። 21 ቀኑን ያለፈቃድ እንደቀረሁ ቆጥረው ከ9,000 ብር ደመወዜ 6,300 ቆረጡ፤ ማስጠንቀቂያም ሰጡኝ። በጥቅምት ለታይፎይድ 12 ቀን ወስጄ ነበር፤ ያኔ ምንም አላሉም። መብት አላቸው?

ቆጪ ሰፈር
ምንም መብት የላቸውም! ሐኪም የጻፈውን አሠሪ ሊጠይቅ አይችልም። ዝም ብለሽ ክሰሺ።

መምህሩ
እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ዓመት ረጅም ጊዜ ታምሜ ለወራት ሙሉ ደመወዝ ተከፍሎኛል። ወረቀቴም ከግል ክሊኒክ ነበር፣ ማንም ምንም አላለኝም። ስለዚህ አትስጊ።

የቀድሞ የሰው ኃይል
መምህር፣ የእርስዎ ሌላ ሕግ ነው። እሷ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ስለሆነች የሚገዛት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የቆጪው ወንድሜም ግማሹን ነው ያገኘው።

እህቴ፣ አንቀጽ 85ን አንብቢው። የሕክምና ማስረጃው በመንግሥት ከታወቀ የሕክምና ድርጅት የተሰጠ መሆን አለበት ይላል። የታወቀ ነው ያለው፤ የመንግሥት ንብረት የሆነ አላለም። ከጤና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያወጣ የግል ክሊኒክ የታወቀ ነው። ብዙ የሰው ኃይል ሠራተኞች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እያወቁ ነው የሚያደርጉት። የክሊኒኩ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፎቶ አንሺውና ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን እዪ።

አንድ ነገር ግን አለ። ይኸው አንቀጽ የሕብረት ስምምነት ሌላ ነገር ሊወስን እንደሚችል ይናገራል። ድርጅታችሁ የሠራተኛ ማኅበር ካለው ስምምነቱን ጠይቂ። ማኅበር ከሌለና የሚጠቅሱልሽ የአስተዳደሩ የራሱ የውስጥ ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ፣ እሱ የሕብረት ስምምነት አይደለም።

አሠሪ ወረቀት መጠርጠር አይችልም የሚለው ግን ልክ አይደለም። የሚሸጥ ወረቀት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ይበዛል። መጠርጠር ይችላል፣ መንገዱ ግን ለክሊኒኩ በደብዳቤ መጠየቅ ነው። ሳያጣራ ደመወዝ መቁረጥ ማጣራት አይባልም። ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ ይህን ማንም አይከራከርበትም።

ነርስ ነኝ
ከእኛ በኩል ልንገርሽ። ድርጅት ደብዳቤ ሲልክ የምናየው መዝገቡን ነው። የካርድ ቁጥርሽ፣ የታየሽበት ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ ፈቃዱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ማኅተሙ። እነዚህ ከመዝገቡ ጋር ከገጠሙ «እኛ የሰጠነው ነው» ብለን እንጽፋለን። የበሽታሽን ዝርዝር ግን አንቺ ሳትፈቅጂ አንሰጥም።

ሰው የሚወድቀው ቀን ላይ ነው። ሰኞ ቀርቶ ሐሙስ ይመጣና «ከሰኞ ጀምራችሁ ጻፉልኝ» ይላል። ሐኪሙ ሰኞ ያላየውን ሐሙስ እንዴት ያውቃል? እንዲህ ያለ ወረቀት ሲጣራ ወዲያው ይታወቃል። አንቺ የታየሽው ፈቃዱ በሚጀምርበት ቀን ከሆነ ችግር የለም። አሁኑኑ ክሊኒኩ ሄደሽ የማረጋገጫ ደብዳቤ ራስሽ አስጽፊ። ኤምአርአይ ወይም ራጅ ከተነሳሽ ውጤቱን አትጣዪው።

የመጋዘን ልጅ
አመሰግናለሁ። የታየሁት ፈቃዱ በጀመረበት ቀን ነው። ማኅበር የለንም። እና 6,300ው ሙሉውን ይመለሳል ማለት ነው?

የቀድሞ የሰው ኃይል
ሙሉውን አይደለም፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ተደምሮ ነው የሚታሰበው፤ 12 ወሩ መቆጠር የሚጀምረው ከመጀመሪያው የሕመም ቀን ነው። በአንቀጽ 86 የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለደመወዝ ነው። ከዚያ በላይ የለም።

በጥቅምት 12 ቀን ወስደሻል። ከአሁኑ 21 ጋር 33 ይሆናል። ወሩን 30 ቀን ብንለው ከአሁኑ ፈቃድሽ 18ቱ ቀን በሙሉ፣ 3ቱ በግማሽ ይከፈላል። የቀን ደመወዝሽ 300 ብር ነው። 18ቱ 5,400፣ 3ቱ 450። ስለዚህ የምትጠይቂው 5,850 ብር ነው። 6,300 ብለሽ ብትሄጂ በትንሹ ስህተት አጀንዳውን ያስቀይሩሻል።

ጂረን
ወሩን በሥራ ቀን የሚቆጥሩም አሉ። እኛ ጋ እሑድ አይቆጠርም ነበር።

የቀድሞ የሰው ኃይል
አዎ፣ እሱ ላይ ሰው አይስማማም። እኔ ሳሠራ ሐኪሙ የጻፈውን ቀን እንዳለ ነበር የምቆጥረው፤ ወረቀቱ እሑድን አይለይም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ማስጠንቀቂያው ነው። በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ እየተጠነቀቁ በድምሩ 5 የሥራ ቀን መቅረት ያለ ስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ያስባርራል። ያ ወረቀት ፋይልሽ ውስጥ መልስ ሳያገኝ ከተቀመጠ ነገ ለሌላ ነገር ይመዘዛል። ዛሬውኑ አጭር ደብዳቤ ጻፊ። ማስጠንቀቂያውን እንደማትቀበዪ፣ በማግስቱ እንዳሳወቅሽ፣ ማስረጃ እንዳቀረብሽ፣ ከተጠራጠሩ ክሊኒኩን እንዲጠይቁ። የማረጋገጫውን ቅጂ አያይዢ። ሌላ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤት ፈርሞ ይቀበልሽ። እምቢ ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኪው። የቴሌግራሙን መልእክትም ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ ያዢው፤ ኃላፊሽ ነገ ሊያጠፋው ይችላል።

ፈረንጅ አራዳ
እኔ በሌላ ጉዳይ አልፌበታለሁ። ድርጅቱ «እናየዋለን» እያለ ወር አስቆጠረኝ። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። ለድርጅቱ ማመልከቻ ማስገባት ብቻ ይርጋውን አያቆመውም፣ እዚያ ላይ እንዳትዘናጊ። መጀመሪያ የከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ ጋ ሂጂ፣ አንዳንዴ አንድ ስልክ ይበቃል። ካልሆነ ፍርድ ቤት። ለሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለም። ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፈው። የማይቀልሽ ከሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ እዚያ ጠይቂ።

ቆጪ ሰፈር
እሺ፣ ክሰሺ ያልኩት ትንሽ ቸኩዬ ነው። ግን ወገብሽ እንዴት ታመመ? ጆንያ ስታነሺ ነው?

የመጋዘን ልጅ
እንደዛ ነው መሰለኝ። ጫኝ ጎድሎ አንድ ጆንያ አብሬ አነሳሁ፣ ማታውን ነው የጀመረኝ። ለማንም አልነገርኩም።

የቀድሞ የሰው ኃይል
እንዴ፣ ይሄንን መጀመሪያ ትነግሪን ኖሮ! በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከሆነ የሕመም ፈቃድ ጭራሽ አይደለም። ክፍያውም ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ያኔ ግማሽ ያልናቸው 3 ቀናት ሙሉ ይሆናሉ፣ ሕክምናውም በአሠሪው ነው። ግን ማስረዳት አለብሽ። ያኔ ያየሽ ሰው አለ? ካርድሽ ላይ ሐኪሙ «ከባድ ዕቃ ካነሳች በኋላ» ብሎ ጽፏል?

ነርስ ነኝ
ሐኪሙ «እንዴት ጀመረሽ» ሲል የነገርሽው ካርዱ ላይ አለ ወይም የለም። አሁን አስጨምሪ እንዳትዪ ብቻ። የካርዱን ቅጂ ጠይቂ።

የመጋዘን ልጅ
ጆንያውን አብሮኝ ያነሳው ልጅ አሁንም እዚያው ነው። ይመሰክር እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም እንጀራውን ይፈራል። ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ጋ ነኝ።