ቻርጅ የማያደርግ ስልክ ይዤ ቀረሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ወንድሞች። አዳማ ውስጥ ትንሽ የሞባይል ጥገና ከከፈትኩ ሦስት ወሬ ነው። አንድ ደንበኛ «ቻርጅ አያደርግም» ብሎ ስልክ አመጣ። የቻርጅ ቦርዱ ነው ብዬ ከመርካቶ አስመጥቼ ቀየርኩት። ለውጥ የለም።

የዩኤስቢ መለኪያው 5 ቮልት ያሳያል፣ የሚገባው ግን 0.06 አምፒር ብቻ ነው። በዚሁ ቻርጀርና ገመድ የኔ ስልክ ከ1 አምፒር በላይ ይወስዳል። ባትሪውን ነቅዬ ስለካው 3.8 ቮልት ነው፤ ስለዚህ ጨርሶ ወርዶ አይደለም። ሁለቱን ቦርዶች የሚያገናኘውን ፍሌክስ ገና አልቀየርኩም። ከሱ ልጀምር ወይስ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የቻርጅ አይሲውን ልመልከት? አስመጪው የሰጠኝ ቦርድ ራሱ ብልሽት ቢኖረውስ በምን ልለየው?

ሌላ ጣጣም አለ። ደንበኛው አሁን «አሻራው ይሠራ ነበር» እያለኝ ነው። ስቀበለው አልሞከርኩትም፣ ደብተሬ ላይም የጻፍኩት ስሙንና ስልኩን ብቻ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። እናንተ ስትቀበሉ ምን ምን ሞክራችሁ ትመዘግባላችሁ? ሳይሠራ ከቀረስ የምርመራ ሒሳብ ትጠይቃላችሁ? ነገ ጠዋት ይመጣል።