ስም ለማስተዋወቅ በሺህ ዕይታ እንክፈል ወይስ በክሊክ?

ጠያቂ፦ አዲስ የፀጉር ቅባት ልናወጣ ነው። ለጊዜው የምንፈልገው ስሙ እንዲታወቅ ብቻ ነው፤ ዕቃው የሚሸጠው በሱቆች ነው፣ በኦንላይን አንሸጥም። ለሁለት ሳምንት 600 ዶላር ተመድቧል። አለቃዬ «በክሊክ ክፈሉ፣ ያልነካው ሰው በነፃ ያያል» ይላል። እኔ በሺህ ዕይታ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ግን ማስረዳት አቃተኝ። ማናችን ነን ልክ?

ባለኤክሴል፦ አለቃህ። ሒሳቡን እንይ። አንድ ክሊክ 15 ሳንቲም ነው እንበል፣ ከመቶ ዕይታ ደግሞ አንዱ ይነካል። ሺህ ዕይታ 10 ክሊክ አመጣ ማለት ነው፤ የወጣብህ 1.50 ዶላር። አሁን የሚነካው ሰው በግማሽ ቀነሰ እንበል። ያው ሺህ ዕይታ በ75 ሳንቲም ወጣልህ። ሰው ባልነካ ቁጥር ዕይታው እየረከሰ ይሄዳል። ግብህ ስም ከሆነ ሰውዬው አይቶ ቢያልፍ ምን ቸገረህ? በሺህ ዕይታ ስትገዛ ግን ኪሳራው ሁሉ አንተ ላይ ነው። ታየም አልታየም ትከፍላለህ።

ነጋዴው፦ እኔም በክሊክ ነው የምከፍለው፣ በደንብ ያዋጣኛል። ገብተው ያያሉ፣ ያዝዛሉ። ሽያጭ ካልመጣ ስም ብቻውን ምን ያደርጋል?

ማስታወቂያ ገዢዋ፦ ነጋዴው፣ ያንተ ደንበኛ ገጽህ ላይ ገብቶ ያዝዛል። ለአንተ ክሊክ ወደ ገንዘብ የሚወስድ መንገድ ነው፤ በክሊክ መክፈልህ ትክክል ነው። የጠያቂው ደንበኛ ግን ከሳምንት በኋላ ሱቅ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ነው የሚወስነው። የሚነካው ነገር የለም።

ባለኤክሴል፣ ማባዛትህ ልክ ነው፤ ጨረታውን ግን ረሳኸው። ትልልቆቹ የማስታወቂያ መድረኮች ለእያንዳንዱ ዕይታ ጨረታ ያካሂዳሉ። አንተ «ለአንድ ክሊክ 15 ሳንቲም» ስትል ማሽኑ ይህን እንዳለ አይወስደውም። ይሄ ሰው ይህን ማስታወቂያ የመንካት ዕድሉ ስንት ነው ብሎ ያባዛዋል፦

```
የክሊክ ዋጋ × የመነካት ዕድል × 1000 = ለሺህ ዕይታ የሚያወጣው ዋጋ
```

ስለዚህ የሚነካው ሰው በግማሽ ሲቀንስ ዕይታው አይረክስልህም። የአንተ ጨረታ ነው ወደ 75 ሳንቲም የሚወርደው። ጎንህ ያለው ተወዳዳሪ ለሺህ ዕይታ 2 ዶላር ካቀረበ ቦታው የእሱ ነው። ያ «በነፃ የሚታይ» ዕይታ ጭራሽ አይመጣም። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ሁለት ቀን አለፈ፣ ባጀቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሁለት ምርጫ ይቀርሃል። ወይ የክሊክ ዋጋህን ትጨምራለህ፣ ወይ ማስታወቂያውን ሰው እንዲነካው አድርገህ ትቀይረዋለህ። «ሽልማት አለው፣ ይንኩ!» የሚለው ጽሑፍ እንዲህ ነው የሚወለደው። የቅባቱ ስም ጥግ ላይ ይቀራል።

ባለ ድረ ገጹ፦ እኔ ከሻጩ ወገን ላውራ። የራሴ ድረ ገጽ አለኝ፣ ቦታ በቀጥታ ነው የምሸጠው፤ ጨረታ የሚባል ነገር የለም። አንድ ድርጅት በክሊክ እንክፈል አለኝና ተስማማሁ። ያመጡት ማስታወቂያ ትልቅ አርማና የዕቃው ስም ብቻ ነው። «እዚህ ይጫኑ» የሚል እንኳ የለውም። ከገጹ አናት ላይ ሰቀልኩት። ሰው ያየዋል፣ ማንም አይነካውም፣ እኔም ሳንቲም አላገኝም። እዚህ ላይ የጠያቂው አለቃ ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው፤ ድርጅቱ በነፃ ታየ። ግን እኔም ሞኝ አይደለሁም። ሪፖርቱን ሳይ ወደ ገጹ ግርጌ አወረድኩት፣ ቀጥሎ አነሳሁት። ብልሃቱ የሚሠራው ሻጩ ቁጥሩን እስኪያይ ድረስ ነው።

ባለኤክሴል፦ ጨረታውን ተቀብያለሁ። ግን ማስታወቂያው ጥሩ ከሆነና ከመቶ አንዱ በእርግጥ ከነካው የኔ 1.50 ዶላር የሚያሸንፍበት ቦታ አይጠፋም። ከሁለት ዶላር ያነሰ ነው፣ ክሊኩም በምርቃት ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረ?

ተማሪ፦ በመሃል ልግባ፣ ግራ ገብቶኛል። ፌስቡክ ላይ ግቤን ትራፊክ ብዬ መረጥኩ። ክፍያው ጋ ሳይ ግን የሚያስከፍለኝ በኢምፕረሽን ነው ይላል። ታዲያ እኔ በሺህ ዕይታ ነው እየገዛሁ ያለሁት? ስም ማስተዋወቅ ላይ ነኝ ማለት ነው?

ማስታወቂያ ገዢዋ፦ አይደለም። የአንተ ጥያቄ ለባለኤክሴልም መልስ ይዟል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሒሳቡ የሚቆረጠው በምን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ማሽኑ የሚፈልግልህ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚለው። ትራፊክ ብለህ ከመረጥክ ክፍያው በዕይታ ቢሆንም ማሽኑ የሚነኩ ሰዎችን እያሳደደ ነው። ሪች ብለህ ብትመርጥ ግን በተቻለ መጠን ብዙ የተለያየ ሰው ጋ ለመድረስ ይሞክራል። ስም የሚያስተዋውቀው ይሄኛው ነው። በክሊክ መክፈል ደግሞ ሁለቱን ያያይዛቸዋል፦ ሻጩ ገንዘብ የሚያገኘው ሰው ሲነካ ብቻ ስለሆነ የሚነካውን ሰው መፈለጉ አይቀርም።

የሚነኩት እነማን ናቸው? ኮምስኮር የተባለው የኢንተርኔት ጥናት ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአሜሪካ ጥናት የታወቀ ነው። ከኢንተርኔት ተጠቃሚው 8 በመቶ የሚሆነው ሰው ብቻውን 85 በመቶውን የማሳያ ማስታወቂያ ክሊክ ያደርግ ነበር። ቁጥሩ ዛሬ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ግን በየሪፖርቱ ይታየኛል። ጥቂት ሰዎች ሁሉን ነገር ይነካሉ፣ የቀረው ሕዝብ አይቶ ያልፋል። ቅባት ገዢው ያ የሚያልፈው ሕዝብ ነው።

ከደንበኞቼ ለአንዱ 600 ዶላሩን ለሁለት ከፍለን ነበር፣ እያንዳንዱ 300። ማስታወቂያው አንድ፣ የታለመው ሕዝብ አንድ፣ 150 ሺህ ያህል ሰው። በሺህ ዕይታ የገዛነው 2 ዶላር ወጣበትና 150 ሺህ ዕይታ አመጣ። 60 ሺህ ሰው ጋ ደረሰ፣ እያንዳንዱ በአማካይ ሁለት ጊዜ ተኩል አየው። በክሊክ የገዛነው 12 ሳንቲም እየከፈለ 2,500 ክሊክ አገኘ፣ ዕይታው ደግሞ 200 ሺህ ደረሰ። እስካሁን ባለኤክሴል አሸንፏል፤ ዕይታው በዝቷል፣ ለሺህ የወጣው 1.50 ነው። ግን እነዚያን 200 ሺህ ዕይታዎች ያዩት 25 ሺህ ሰዎች ብቻ ነበሩ። እያንዳንዱ ስምንት ጊዜ።

በሰው ሲሰላ አንደኛው ሺህ ሰው ጋ ለመድረስ 5 ዶላር ወሰደ፣ ሁለተኛው 12። ደንበኛዬ ሪፖርቱን ሲያይ መጀመሪያ የተደሰተው በክሊኩ ነበር። ከዚያ የገጹን መዝገብ ከፈትን። ከ2,500ው ክሊክ ገጹ እስኪከፈት የጠበቀው 900 ብቻ ነው። ማስታወቂያው የት እንደታየ ስናጣራ አብዛኛው ክሊክ የመጣው ከስልክ ጌሞች ውስጥ ነው፤ የመዝጊያዋን ምልክት ሊነኩ ሲሉ ጣታቸው የሳታቸው ሰዎች ናቸው።

ባለኤክሴል፦ 60 ሺህ ከ25 ሺህ፤ እሺ፣ ይሄ ከባድ ነው። ግን አንድ ጥያቄ። ጌም ውስጥ የተሳሳተውን ክሊክ ከቆጠርሽ፣ በሺህ ዕይታ የተገዛውንም በዚያው ዓይን እይው። ማንም ወርዶ ያላየው የገጽ ግርጌ ላይ የተጫነ ማስታወቂያ ዕይታ ተብሎ ይቆጠራል። ክሊክ ቢያንስ ጣት እንደነካው ያረጋግጣል።

ባለ ድረ ገጹ፦ ልክ ነው። በሺህ ዕይታ የሚከፍለኝ ሰው ካልጠየቀኝ የግርጌውን ቦታ ነው የምሰጠው። አልዋሽም፣ ሁሉም ሻጭ እንዲህ ነው።

ማስታወቂያ ገዢዋ፦ በዚህ አልከራከርም፣ የሺህ ዕይታ ግዢ ደካማ ጎኑ ይሄ ነው። ስለዚህ የሚገዛው ሊታይ የቻለ ዕይታ መሆን አለበት። የተለመደው መለኪያ የማስታወቂያው ግማሽ ስፋት ስክሪን ላይ ቢያንስ ለ1 ሰከንድ፣ ቪዲዮ ከሆነ ለ2 ሰከንድ መቆየቱ ነው። ጉግል የማሳያ ማስታወቂያ ላይ በዚህ መለኪያ ብቻ የሚያስከፍል ምርጫ አለው። ለሺህ የሚከፈለው ከፍ ይላል፣ ግርጌው ግን ይቀርልሃል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ድግግሞሹን መገደብ ነው። ገደብ ካላደረግክ በሺህ ዕይታም ቢሆን አንድ ሰው አሥር ጊዜ ሊያየው ይችላል።

ባለኤክሴል፦ አንድ ሰከንድ! በአንድ ሰከንድ የማያውቀውን የቅባት ስም ማን ያስታውሳል?

ማስታወቂያ ገዢዋ፦ ሰከንዷ የመታየት ዕድል እንደነበረ ነው የምትናገረው። ማስታወሱ የሌላ ሥራ ነው፦ ስሙ ጎልቶ መጻፉ፣ ጠርሙሱ ከመጀመሪያው መታየቱ። ያንን የክፍያ ዓይነት አያስተካክለውም።

ጠያቂ፦ ለአለቃዬ የምለው አገኘሁ። ግን «ስሙ መታወቁን በምን አወቅን?» ማለታቸው አይቀርም። ክሊኩ ከቀረ ምን ቁጥር አሳያለሁ?

ማስታወቂያ ገዢዋ፦ ማስታወቂያውን ያዩና ያላዩ ሰዎችን እየጠየቀ የሚያነፃፅር ጥናት መድረኮቹ ራሳቸው ያቀርባሉ፤ በ600 ዶላር ግን አይሰጡህም፣ ዝቅተኛው ባጀት ከዚህ በጣም ይበልጣል። አንተ አካባቢዎቹን ለሁለት ክፈል። አንዱ ጋ ማስታወቂያውን አሳይ፣ ሌላው ጋ አታሳይ። ከዚያ ስሙን ጉግል ላይ የሚፈልጉት ሰዎች የት እንደጨመሩ ተመልከት። ከሱቆቹም የትኛው አካባቢ ዳግም እንዳዘዘ ጠይቅ። ለአለቃህ ደግሞ ዋናው ቁጥር ሺህ ሰው ጋ ለመድረስ ስንት ወጣ የሚለው ይሁን።

ባለኤክሴል፦ አካባቢ መክፈሉን እደግፋለሁ። ግን አዲስ ስም ነው፣ ፍለጋው ከዜሮ ነው የሚነሳው። በሁለት ሳምንት አሥር ሰው ቢጨምር ማስታወቂያው ነው ወይስ አጋጣሚ? በዚህ ባጀት ልዩነቱ የሚለይ አይመስለኝም።

ማስታወቂያ ገዢዋ፦ ላይለይ ይችላል፣ እውነትህን ነው። እኔ ብሆን 600ውን ሁሉ ለግማሹ አካባቢ አደርገው ነበር፤ ጥቂት ሕዝብ ላይ ሲጠነክር ምልክቱ ቢኖር የመታየት ዕድሉ ይሰፋል።

ተማሪ፦ እኔ ትራፊኩን አጥፍቼ ሪች አድርጌዋለሁ። ክሊኩ ከወዲሁ ወርዷል፣ የደረሰበት ሰው ግን ከትናንቱ በእጥፍ ጨምሯል። ድግግሞሹን ስንት ላይ ልገድበው?

ማስታወቂያ ገዢዋ፦ በሳምንት ሁለት ጀምርና እይ።

ባለኤክሴል፦ ለማይታወቅ ስም ሁለት ያንሳል። እኔ አራት እል ነበር።