ገምጋሚ ሳያየው የተመለሰ ጽሑፍ፦ ይግባኝ ያስኬዳል?

ሰላማዊት፦ በአንድ ሆስፒታል 422 የደም ግፊት ታካሚዎችን ያጠናንበትን ጽሑፍ አንድ የውጭ ጆርናል በ4ኛው ቀን ዴስክ ሪጀክት አደረገው። ደብዳቤው «ለአንባቢዎቻችን ቅድሚያ የሚሰጠው አይደለም» ከማለት አያልፍም። ኤዲተር ብቻውን እንዲህ መወሰን አለበት? ይግባኝ እንበል?

ዳዊት፦ በ4 ቀን ማን አንብቦት! የአገሩን ስም አይቶ ነው የመለሰው። ይግባኝ በሉ፤ ዝም ስላልን ነው የለመዱብን።

ተስፋዬ፦ ሪቪወሮቹ ለሰጡት ለእያንዳንዱ አስተያየት በሠንጠረዥ መልስ ጻፉ፣ የታረመውን ቦታ በቀለም አሳዩ።

ሂሩት፦ ጋሽ ተስፋዬ፣ እሱ ከግምገማ በኋላ ነው፤ እዚህ ሪቪወር አልደረሰበትም።

ዳዊት፣ አድልዎ የለም ብዬ አልከራከርም። ግን አብስትራክቱን፣ ከቨር ሌተሩንና ሠንጠረዦቹን ለማየት 4 ቀን ይተርፋል። 422 ደግሞ ከየት እንደመጣ ያስታውቃል፦ ስርጭቱን 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑን 5 በመቶ ሲያደርጉ 384 ይወጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ይጨመራል። ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ ናሙናው የተሰላው ስርጭትን ለመለካት ሆኖ ሳለ፣ ጽሑፉ ክብደቱን የሚጥለው በተያያዥ ምክንያቶች ላይ መሆኑ ነው። ከዚያ አንዱ ቡድን ውስጥ 15 ሰው ብቻ ይገኝና የኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ1.1 እስከ 9 ይዘረጋል። ያንን ያየ ኤዲተር ሪቪወር አይፈልግም።

ዳዊት፦ ኦድስ ሬሾው 3 ከሆነስ? ሦስት እጥፍ አደጋ ቀላል ነው?

ሂሩት፦ ሦስት እጥፍ አይደለም። ግፊታቸው ቁጥጥር ውስጥ ያልገባ ሰዎች በአንዱ ቡድን 50፣ በሌላው 75 በመቶ ቢሆኑ፣ ኦድሱ በአንዱ 50 ለ50፣ በሌላው 75 ለ25 ስለሆነ ኦድስ ሬሾው 3 ነው፤ አደጋው ግን የሌላው አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። ችግሩ የተለመደ ሲሆን ኦድስ ሬሾ ያጋንናል። አብስትራክቱ ላይ «ሦስት እጥፍ» ተብሎ ከተጻፈ እዚያው ነው የሚወድቀው።

ይግባኝ የሚያዋጣው ኤዲተሩ በተጨባጭ ነገር ሲሳሳት ነው፤ ለምሳሌ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ጽሑፉ ላይ ሰፍሮ ሳለ «የለም» ካለ። «ቅድሚያ የለውም» ግን የእሱ ምርጫ ነው። ይግባኙ እስኪወሰን ደግሞ ሌላ ጆርናል ጋ ማስገባት አትችሉም፤ ሳምንታት ይበላባችኋል።

ማርታ፦ ኢላይፍ የተባለው ጆርናል በ2023 ከግምገማ በኋላ የመቀበልና ውድቅ የማድረግ ውሳኔን አስቀርቷል፤ ወደ ግምገማ የሚገባውን የሚመርጡት ግን አሁንም ኤዲተሮች ናቸው። ፕሎስ ዋን ደግሞ አዲስነትን መስፈርት አያደርግም። ሰላማዊት፣ ዘዴው ንጹሕ ከሆነ እንዲህ ያለው ጋ ላኩት፤ ክፍያውን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዳዊት፦ እሺ፣ ግን ሁለት መስመር ምክንያት መጻፍ ምን ይከብዳል? ሁሉም ሰው ያው ደብዳቤ ከደረሰው፣ አድልዎ ይሁን ድክመት በምን ይለያል?

ሂሩት፦ እዚህ ላይ መልስ የለኝም፤ ልክ ነህ። ሰላማዊት፣ ሳትነኩት ወደ ሌላ አትላኩት። ከርዕሱ «መንስኤዎች» የሚለውን አውጡ፤ በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ መረጃ መንስኤን አያሳይም። ከቨር ሌተሩ ላይ ከዚህ ቀደም ምን እንደሚታወቅና የእናንተ ምን እንደጨመረ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቅድመ ጥያቄ የሚቀበል ጆርናል ከሆነ አብስትራክቱን ብቻ አስቀድማችሁ ላኩለት።