እርማቴ በዛ ተባልኩ! የቱ ስህተት ነው፣ የቱ የኔ ምርጫ? እስከ 11 ሰዓት ድረሱልኝ

ሳባ ከጠባሴ
እባካችሁ ቶሎ። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ የጽሕፈት ሥራ ነው የምሠራው። ጡረታ የወጡ የመንዝ መምህር የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው፣ ልጃቸው «ተይቢና አርሚ» ብሎ ሰጠኝ። 48 ገጽ ነው። ወደ 200 ቦታ አርሜ ላክሁላቸው። ጋሼ ዛሬ ጠዋት ደውለው «ይሄ የኔ ጽሑፍ አይደለም!» ብለው ጮኹብኝ። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ከ11 ሰዓት ካለፈ ተራሽ ይቃጠላል ብሎኛል። የቱን ልመልስ፣ የቱን ልተው? ናሙናው ይኸው፣ ፊት ያለው የሳቸው፣ ኋላ ያለው የኔ፦

«የትምህርት ቤቱን ግቢ አጠርነው» / «የትምህርት ቤቱ ግቢን አጠርነው»
«በቅሎዋ አልሻገር አለች» / «በቅሎዋ አልሻገርም አለች»
«የኔታ አርጩሜያቸውን አንስተው መሬቱን መታ» / «መቱ»
«ብዙ ሰው መጣ» / «ብዙ ሰዎች መጡ»
«እየሮጥሁ ሄድሁ» / «እየሮጥኩ ሄድኩ»
«መምህራኖች» / «መምህራን»

አንኮበሬው
ሁሉንም መልሺላቸው። የሰው ጽሑፍ የሰው ነው። አለቀ።

መምህር ከሞላሌ
በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ ፊደል ነው። ዛሬ ወጣቱ ሀ፣ ሐ፣ ኀን አይለይም። ሠዓሊ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ሥዕል የሚሥለው ነው። በእሳቱ ሰ «ሰአሊ» ሲባል ግን ለማኝ፣ ጸሎት አቅራቢ ነው። ይህን ሳያውቁ የሰው ጽሑፍ ላይ እስክሪብቶ ማንሳት ድፍረት ነው። እኔ ባስተማርኩበት ዘመን አንድ ተማሪ ፀሐይን በሀሌታው ሀ ከጻፈ...

ሳባ ከጠባሴ
መምህር ይቅርታ፣ ከላይ ከጻፍኳቸው ውስጥ የፊደል ጉዳይ የለም 🙏 ሰዓቱ እየሄደ ነው።

የመንዝ በግ
እህት ዓለም፣ የጋሼን «ሄድሁ» ሰርዘሽ አንቺ ራስሽ እዚህ «ላክሁላቸው» ብለሽ የለ? 😂 እስቲ «ላክኩላቸው» በይና ምላስሽን እይው። ደግሞ «ብዙ ሰው መጣ» ስህተት ከሆነ እኔ ቅዳሜ «አምስት በግ ሸጥኩ» ማለቴን ትቼ «አምስት በጎችን» እያልኩ ገበያ ልውጣ?

ዳዊት ኮምፒውተር
እኔም ተመሳሳይ ስህተት ገጥሞኛል። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ሌላ ማሽን ላይ ስከፍተው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ብቻ ይሆናል። መፍትሔ ያለው?

ቀይ እስክሪብቶ
ሳባ፣ አንድ ያልነገርሽን ነገር አለ። የጋሼ የእጅ ጽሑፍ አሁንም እጅሽ ላይ ነው? ወይስ እላዩ ላይ እያጠፋሽ ነው ያረምሽው? ካለሽ አትደንግጪ፣ ይደርሳል።

ከበቅሎዋ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሷን አበላሽተሻታል። «አልሻገር አለች» ማለት አሻፈረኝ አለች፣ እምቢ አለች ነው። «በሩ አልከፈት አለ»፣ «ልጁ አልበላ አለ» እንደምንለው። አንቺ «አሉታ ያለ ም አይሆንም» የሚለውን ይዘሽ ም ጨመርሽ። ደንቡ ለዋናው ግሥ እውነት ነው፤ ጋሼ «እኔ አልሄድኩ።» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ቢዘጉት ኖሮ ም ማስገባትሽ ትክክል ነበር። እዚህ ግን «አልሻገር» ከ«አለች» ጋር ተጣብቆ ነው ትርጉም የሚሰጠው። «አልሻገርም አለች» ሲሆን በቅሎዋ አፍ አውጥታ ተናገረች። አንባቢ ወንዙ ዳር ቆሞ ከበቅሎ ጋር ያወራል። ስለዚህ ይሄ የስልት ጉዳይ እንኳ አይደለም፣ ትክክል የነበረውን ነው ያጣመምሽው።

የግቢው ጉዳይም እንደዚያው ነው። «የ» ያለበት ሐረግ ሲሆን ን ከፊተኛው ጋር ትሄዳለች። «የአበበን ቤት አየሁ» ነው የሚባለው። ቅጽል ሲኖርም «ትልቁን ቤት» እንላለን። የጋሼ «የትምህርት ቤቱን ግቢ» ሰተት ያለ አማርኛ ነው። «ግቢው አጠርን» ብለው ቢሆን ኖሮ ግን ስህተት ነበር፣ የታወቀ ነገር ሆኖ ን ጎድሎታልና። «ግቢ አጠርን» ካሉ ደግሞ የቱ ግቢ እንደሆነ አልተለየም፣ ን አያስፈልገውም። አየሽ፣ አንዲቷ ን ሦስት ቦታ ሦስት ፍርድ አላት።

የኔታን በትክክል ይዘሻል። «አርጩሜያቸውን አንስተው» ብሎ በአክብሮት ጀምሮ «መታ» ብሎ መጨረስ አይሆንም፣ አድራጊው አንድ ሰው ከሆነ። ግን ሌላ የመታ ሰው እንዳለ ካለፈው አንቀጽ አረጋግጪ።

ሬዲዮ ሰሚ
@ቀይ እስክሪብቶ በዜና ላይ ግን «የእገሌ ባንክን»፣ «የእገሌ ዩኒቨርሲቲን» ነው የምንሰማው። ሁሉም ተሳሳቱ ነው የምትይው?

ቀይ እስክሪብቶ
ሙሉ ስሙን እንደ አንድ ቃል ቆጥረው መጨረሻው ላይ ያደርጉታል። ለተቋም ስም እኔም አልፈዋለሁ። ለግቢና ለቤት አላልፈውም።

ሬዲዮ ሰሚ
እንዲህ ከሆነ ድንበሩ የት ነው? አንቺ የምታልፊው ትክክል፣ የማታልፊው ስህተት?

አንኮበሬው
አሁንም እላለሁ፣ ሁሉንም መልሺ።

እትዬ ቡና
ልጄ፣ ማነው አርሚ ያለሽ? የሽማግሌ ቃል አይታረምም። የኛ ጎረቤት ለአባቱ ሙት ዓመት ያስጻፈውን ጽሑፍ አንድ ልጅ አስተካክላለሁ ብሎ፣ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት የነበረውን ቃል አውጥቶ ጣለው። ቤተሰቡ በሙሉ አዘነ። ሲነበብ እሳቸውን አልመሰለም።

ሳባ ከጠባሴ
እትዬ፣ ልጃቸው ነው «አርሚ» ብሎ የከፈለኝ። ካላረምኩ ደግሞ «ምን ሠራሽ» ይለኛል። ቀይ እስክሪብቶ ተባረኪ፣ ደብተሩ እጄ ላይ አለ። ግን 200ውን እንዴት ላድርገው? ሰዓቱ 7 ሆኗል።

ጌታነህ
ቀላል ነው። ዎርድ ላይ ክፈቺው፣ ቀይ መስመር ያለበት ስህተት፣ የሌለበት ትክክል።

የመንዝ በግ
በዎርድማ የኔ ስም ራሱ ቀይ ነው። አማርኛው በሙሉ ቀይ ሲሆን የማየው እኔ ብቻ ነኝ? 😂

ቀይ እስክሪብቶ
ሳባ፣ እንዲህ አድርጊ። እያንዳንዱ እርማትሽ ላይ ቁሚና ለምን እንዳረምሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ለራስሽ ተናገሪ። «ባለቤቱና ግሡ አልተስማሙም» ማለት ከቻልሽ ይቆይ። «አይጥምም» ወይም «እኔ እንዲህ አልልም» ካልሽ ወደ ጋሼ መልሺው። «ብዙ ሰው መጣ»ን ማረምሽ እዚህ ይወድቃል። ከብዙና ከቁጥር ጋር ነጠላውም ብዙውም ይሄዳል። ስህተት የሚሆነው «ሰዎች መጣ» ቢሉ ነበር።

ሁለተኛ፣ Ctrl+F ተጫኚና ፈልጊ። ለፍለጋ ግን የመጀመሪያውን ትየባሽን ክፈቺ፣ ከሌለሽ ደብተሩን ገልብጪ። ያረምሽውን ፋይል ብትፈትሺ የምታገኚው የራስሽን እጅ ነው። «ሄድሁ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ እንደዚያው ከሆነ የሰውየው አነጋገር ነው፣ አትንኪው። ሁም ኩም በጽሑፍ የኖሩ ናቸው። የኔታ ግን ሌላው ቦታ ሁሉ «መቱ፣ ተቆጡ» ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ «መታ» ካለ የእጅ ስህተት ነው፣ ጋሼ ራሳቸው ቢያዩት ያርሙት ነበር። ይሄኛው መፈተሻ ግን ብቻውን አይበቃም። ን ሁልጊዜ የሚረሳ ሰውም አለ፣ ልማዱ ትክክል አያደርገውም። እንደዚያ ሲሆን ስልክ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። «ቆይ ቆይ» ካሉ ስህተት ነው። ዝም ብለው ከሰሙሽ ያንቺ ጆሮ ነው የተለየው።

የሚያጠራጥርሽን አትቀይሪው። ጎኑ ላይ በእርሳስ ጥያቄ ምልክት አድርጊና ጋሼ ይወስኑ። በቀይ ከጻፍሽበት ሽማግሌው እንደ ፈተና ወረቀት ነው የሚያዩት፣ ያውም ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሙ የኖሩ ሰው።

መምህር ከሞላሌ
መምህራኖችን ግን ዝም አትበሉት። መምህራን በራሱ ብዙ ነው። በላዩ ላይ «ኦች» መጫን ካፖርት ላይ ካፖርት ነው። ያውም መምህር ሆነው!

የመንዝ በግ
መምህር፣ በጥር ደብረ ብርሃን ይምጡና ካፖርት ላይ ካፖርት ስህተት መሆኑን ያሳዩን 😂

ሬዲዮ ሰሚ
«ቃላቶች» ብሎ የማያውቅ እዚህ ውስጥ ማን አለ? ሕዝቡ ሁሉ የሚለው ስህተት ከሆነ ትክክሉን የሚያውቀው ማነው?

ቀይ እስክሪብቶ
እዚህ ላይ እኔም ልቤ ሁለት ነው። ለመጽሐፍ መምህራን አደርገዋለሁ። ነገር ግን ከ77ቱ ድርቅ ዘመን የአንድ ገበሬ ንግግር ጠቅሰው «መምህራኖቹ እንኳ ጾማቸውን አደሩ» ካሉ፣ የሰው አፍ ስለሆነ አልነካውም። ሳባ ይሄንን በጥያቄ ምልክት እለፊው።

መምህር ከሞላሌ
ስህተት በጥቅስ ውስጥም ስህተት ነው።

ቀይ እስክሪብቶ
ነው። ግን የገበሬው ነው።

ሳባ ከጠባሴ
9 ሰዓት ከሩብ። 71ኛው እርማት ላይ ደርሻለሁ። የመጀመሪያውን ትየባ አስቀምጬው ነበር፣ ተመስገን! እስካሁን 18 ብቻ ነው ምክንያት ማቅረብ የቻልኩበት 😳 የኔታ 31 ቦታ አሉ፣ ሠላሳው በአክብሮት ነው፣ አንዱ «መታ»። ለጋሼ ደውዬ የበቅሎዋን ስነግራቸው በጣም ሳቁ። «መታ»ን ሳነብላቸው ግን ዝም አሉና «እሱን ተዪው፣ ያን ቀን የኔታ አልነበረም ለኔ» አሉኝ። አሁን ይሄ ስህተት ነው ወይስ አይደለም??

እትዬ ቡና
ውይ! ልጅ ሆነው ተገርፈው ይሆናላ።

መምህር ከሞላሌ
ስህተት ነው። «አርጩሜያቸውን አንስተው» ብለዋል እኮ። ካላከበሩ «አርጩሜውን አንስቶ» ይበሉ።

ቀይ እስክሪብቶ
መምህር እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ጋሼ ንቀቱን ካወቁበት ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይጀምሩት፦ «አርጩሜውን አንስቶ መሬቱን መታ»። እንዲያ ከሆነ ሠላሳ ቦታ የከበሩት ሰውዬ እዚያች ላይ ሲወርዱ አንባቢው ይሰማዋል። ግማሹን አንቱ ግማሹን አንተ ካሉት ግን የታይፕ ግድፈት ነው የሚመስለው። ደውይላቸውና ሁለቱንም አንብቢላቸው፣ አትምረጪላቸው።

አንኮበሬው
ሁሉንም መልሺ ብዬ ነበር። ይቅር፣ ከመታው በስተቀር።

ዳዊት ኮምፒውተር
የፓወር ግዕዙን የሚያውቅ የለም?

የመንዝ በግ
ሳባ፣ ሦስት ቀን ሆነ። ታተመ? በቅሎዋ ተሻገረች?