ከሰዓት በፀሐይ የሚጋገረውን ሳሎኔን በቀለምና በጨርቅ እንዴት ላብርደው?

ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ቀለምና መጋረጃ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሳሎኑ መስኮት ወደ ምዕራብ ያያል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ጨረሩ አግድም ይገባና እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ይደርሳል።

ግድግዳው ክሬም ዘይት ቀለም ነው፤ ያብረቀርቃል። ጠዋት ያምራል። ከሰዓት ግን ብርሃኑ ራሱ ቢጫ ስለሚሆን ክፍሉ በሙሉ ብርቱካናማ ይመስላል። ነጩ ሴራሚክ ወለል ደግሞ ጨረሩን መልሶ ዓይን ላይ ይረጨዋል። ስስ ነጭ መጋረጃ ሰቅያለሁ፤ ፀሐይ ሲመታው ጨርቁ ራሱ እንደ አምፖል ይበራል። ወፍራሙን ቡናማ ስዘጋው ቤቱ ይጨልምና በጠርዙ ሾልኮ የሚገባው ብርሃን የባሰ ይወጋል።

አሁን ያሰብኩት ግድግዳውን በማያብረቀርቅ ቀለም፣ ወደ አመድማ በሚያደላ ፈዛዛ አረንጓዴ መቀባት ነው። ሰማያዊውን የተውኩት ጠዋት ፀሐይ በሌለበት ሰዓት ክፍሉን ቀዝቃዛ እንዳያደርገው ብዬ ነው። ካርቶን ቀብቼ ግድግዳው ላይ ለጥፌ አየሁት። በጥላ ውስጥ አረንጓዴ ነው፤ 10 ሰዓት ላይ ግን ወደ ወይራማ ቢጫ ይቀየራል። ትንሽ ሰማያዊ ቢጨመርበት ይስተካከላል?

ስሱን ነጭ መጋረጃ ሽመናው ጠበቅ ባለ አመድማ ጥጥ ልተካው ይሆን? ፀሐዩ ቶሎ እንዳያነጣው እፈራለሁ። ከኋላው ነጭ ገበር ቢሰፋለት ያዋጣል? ለወለሉ የማያብለጨልጭ ምንጣፍ እገዛለሁ፤ የቸገረኝ ቀለሙና መጋረጃው ነው። የምዕራብ መስኮት ያላችሁ፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ?