ዲፈረንሻሉ ያላየው የምድር ፎልት

የተከበራችሁ የፕሮቴክሽን ባለሙያዎች፣ ባለ 132/33 ኪሎ ቮልት፣ 25 ኤምቪኤ ዴልታ-ስታር ትራንስፎርመራችንን ሬስትሪክትድ ኧርዝ ፎልት ሪሌዩ ብቻውን ሲያቋርጠው ዲፈረንሻሉ ዝም ስላለ፣ የትኛውን ማመን እንዳለብኝ ተቸግሬ ነው የምጽፈው። የስታሩ ኒውትራል ከመሬት የተያያዘው የምድር ፎልትን ከሙሉ ጭነቱ ጋር እኩል በሆነ 437 አምፔር በሚገድብ ሬዚስተር ነው።

መዝገቡ በኒውትራል ሲቲ 87 አምፔር ያሳያል፤ ስለዚህ ፎልቱ ከኒውትራሉ 20 በመቶ ገደማ ላይ ይመስለኛል። ሪሌዩ በ10 በመቶ ስለተሞላና ኒውትራሉን በቀጥታ ስለሚለካ ይህን ያያል። በ132 በኩል ግን የቮልቴጁም የጥቅልሉም ድርሻ ስለሚያንስ የሚታየው 0.2²/√3፣ ማለትም የሙሉ ጭነቱ 2.3 በመቶ ብቻ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ደግሞ 20 በመቶ ይጠብቃል።

የሚያሳስበኝ፣ የኒውትራል ሲቲው ፖላሪቲ ተገልብጦ ቢሆን የውጭ ፎልትም ሊያስቆርጠው መቻሉ ነው። የ33ቱ መስመር ሲቲዎች ድምር በዚያ ቅጽበት ዜሮ አካባቢ መሆኑ፣ ፎልቱ ከውስጥ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ይሆናልን?